ሠላሳ ሳንቲ ሜትሩን ከማከፋፈል በፊት፦ በኮምቦልቻ የተሠራ አንድ ዝግ ትራቨርስ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ሜዳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ኮረብታ በሚወጣ ጠርዝ ላይ፣ ወደ 9 ሄክታር ለሚጠጋ ቦታ አምስት ነጥብ ያለው ዝግ ትራቨርስ፣ ማለትም ከነጥብ ወደ ነጥብ አንግልና ርቀት እየተለካ ተዞሮ መነሻው ላይ የሚዘጋ ቅየሳ፣ ተሠራ። የአንግሎቹ ድምር ሲታይ ሥራው ያማረ ነበር፤ ከሚጠበቀው የበለጠው 20 ሴኮንድ ብቻ ነው። ኮኦርዲኔቱ ሲሰላ ግን ዞሮ መነሻው ላይ መግጠም የነበረበት የመጨረሻው ነጥብ 30 ሳንቲ ሜትር ስቶ ተገኘ።

የቢሮው ኤክሴል ፋይል ለዚህ ቅር አይለውም። 3 ሳንቲም ይሁን 30 ሳንቲም ወይም 3 ሜትር፣ የተሰጠውን ስህተት ለአምስቱ ጎኖች እንደየርዝመታቸው ያካፍልና ከታች ዜሮ ያሳያል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ማከፋፈል የሚሠራው በየጎኑ በጥቂት በጥቂቱ ለተጠራቀመ ስህተት ነው። አንድ ቦታ ላይ የተፈጠረ ጥፋት ሲከፋፈል አይስተካከልም፤ ጥፋት ወዳልነበረባቸው ነጥቦች ይዛመታል እንጂ። ከዚህ በታች ያለው ይህ ትራቨርስ እንዴት እንደተመረመረ፣ እንዴት እንደተስተካከለና መዘጋቱ ጨርሶ ሊያሳየው የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ ነው።

መስክ ላይ የተለካው

ነጥቦቹ ኮ1፣ ኮ2፣ ኮ3፣ ኮ4 እና ኮ5 ናቸው። ጉዞው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። መሣሪያው የ5 ሴኮንድ ቶታል ስቴሽን ሲሆን፣ በየነጥቡ መጀመሪያ ወደ ኋላኛው ነጥብ (ባክ ሳይት)፣ ከዚያ በሰዓት አቅጣጫ ወደ ፊተኛው ነጥብ ታይቷል። ሁሉም አንግል በፌስ ሌፍትም በፌስ ራይትም ሁለት ሁለት ጊዜ ተነቧል። በዚህ የጉዞ አቅጣጫ የሚነበበው አንግል በቀጥታ የውስጥ አንግል ነው። ጉዞው በሰዓት አቅጣጫ ቢሆን ኖሮ ያው አነባበብ የውጭውን አንግል ይሰጥ ነበር፤ ብዙ ጀማሪ ድምሩን ከ540 ዲግሪ ጋር አወዳድሮ የሚደነግጠው ይህን ሲስት ነው።

ርቀት የተለካው ወደ ፊት ብቻ ነው። ባክ ሳይቱ ላይ ፕሪዝም ቆሞ ሳለ አንግሉ ብቻ ተነቦ ርቀቱ ታልፏል። አንድ ቁልፍ ለመጫን ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም ነበር፤ የዚህ ስንፍና ዋጋ በኋላ ይመጣል። ንባቡ የተጻፈው ደግሞ በመሣሪያው ማህደር ውስጥ ሳይሆን በእጅ፣ በመስክ ደብተር ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጎን የቋሚው አንግል፣ ማለትም ከአናት ወደ ታች የሚቆጠረው፣ እና አንድ ርቀት ተመዝግቧል።

ኮ1 ላይ ሩቅ ያለ የታወቀ ነጥብ ታይቶ የኮ1–ኮ2 አዚሙዝ፣ ማለትም ከሰሜን በሰዓት አቅጣጫ የሚቆጠረው አንግል፣ 99°27′44″ ሆኖ ተያዘ። ለስሌቱ እንዲቀል ኮ1 በምሥራቅ 1000.000፣ በሰሜን 1000.000 ተሰጥቶታል።

አንግሉን መዝጋት

የአምስት ጎን ቅርጽ የውስጥ አንግሎች ድምር (5 − 2) × 180 = 540 ዲግሪ ነው። የተነበቡት እነዚህ ናቸው፦

ኮ1 109°46′08″፣ ኮ2 105°53′04″፣ ኮ3 109°39′19″፣ ኮ4 111°48′07″፣ ኮ5 102°53′42″።

ድምሩ 540°00′20″ ነው። ለዚህ ሥራ የተያዘው ገደብ 10″ በነጥቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ሲባዛ፣ ማለትም 10 × √5 = 22 ሴኮንድ ነበርና 20 ሴኮንዱ ያልፋል። ትርፍ ስለሆነ ይቀነሳል፤ ለአምስት ሲካፈል ከእያንዳንዱ 4 ሴኮንድ ይወርዳል። በእኩል የተካፈለው አንግሎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ስለተለኩ ነው። የአንግል እርማት የአንግሉን ትልቅነት አይከተልም፤ የ111 ዲግሪውን አንግል ለማንበብ የሚፈጠረው ስህተት ከ102ቱ አይበልጥም። ልዩነት የሚያመጣው አጭር ጎን ነው። ፕሪዝሙ ወይም ትራይፖዱ ከችካሉ ሚስማር 3 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ በ30 ሜትር ርቀት ላይ 20 ሴኮንድ ያህል ያስታል፣ በ226 ሜትር ላይ ግን ከ3 ሴኮንድ አይበልጥም። እዚህ ሁሉም ጎኖች ከ210 እስከ 243 ሜትር ስለሆኑ እኩል ማካፈሉ ተገቢ ነው።

ከእርማት በኋላ አዚሙዙ ከጎን ወደ ጎን ይተላለፋል። ባለፈው ጎን አዚሙዝ ላይ 180 ይደመራል፣ የነጥቡ አንግል ይጨመራል፣ ከ360 ከበለጠ 360 ይቀነሳል። ለምሳሌ ኮ2 ላይ 99°27′44″ + 180° + 105°53′00″ = 385°20′44″ ይሆናል፤ 360 ሲነሳለት የኮ2–ኮ3 አዚሙዝ 25°20′44″ ነው። እንዲህ እየተባለ ተዞሮ ኮ1 ላይ የተስተካከለው አንግል ሲጨመር መነሻው 99°27′44″ እንዳለ መመለስ አለበት። ተመልሷል። አንድ ሴኮንድ እንኳ ቢለይ የመደመር ስህተት አለና ወደ ርቀቱ አይታለፍም።

የመጀመሪያው ስሌት

የእያንዳንዱ ጎን የምሥራቅና የሰሜን ልዩነት የሚወጣው በዚህ ነው፤ `D` ርቀቱ፣ `Az` አዚሙዙ ነው፦

```
dE = D * sin(Az)
dN = D * cos(Az)
```

ኤክሴል ላይ ሲሠራ አዚሙዙ መጀመሪያ ወደ ዲግሪ ክፍልፋይ ይቀየራል (25+20/60+44/3600)፣ ከዚያ በ`RADIANS` ይታቀፋል። 25°20′44″ን 25.2044 ብሎ የሚያስገባ ሰው ውጤቱ በብዙ ሳንቲ ሜትር ይስትበታል፣ ቁጥሩ ግን ሲታይ ትክክል ይመስላል።

ዝግ ቅርጽ ስለሆነ የምሥራቅ ልዩነቶቹ ድምርም የሰሜኖቹም ዜሮ መሆን አለበት። በደብተሩ ርቀቶች የወጣው ግን ምሥራቅ −0.206፣ ሰሜን +0.216 ሜትር ነው። የሁለቱ ስኩዌር ድምር ስኩዌር ሩት 0.298 ሜትር ይሰጣል። ዙሪያው 1132.2 ሜትር ስለሆነ ጥራቱ 1 ለ3,800 ገደማ ነው። የሥራው ገደብ 1 ለ10,000 ነበርና አላለፈም። ገደቡ 1 ለ3,000 ተብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ያልፍ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቅም ይከፋፈል ነበር። ቶታል ስቴሽን ይዞ በገመድ ሜትር ዘመን ገደብ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ጥፋት ራሱ እያሳለፈ ነው ማለት ይቻላል።

አንግሉ ተዘግቶ ርቀቱ አለመዘጋቱ ራሱ ፍንጭ ነው። የርቀት ጥፋት የአንግሎቹን ድምር አይነካም። ስለዚህ ፍለጋው ወደ አምስቱ ርቀቶች ጠበበ።

ስህተቱ የሚጠቁምበት አቅጣጫ

አንድ ጎን ከእውነተኛው ርዝመቱ በ30 ሳንቲም ረዝሞ ቢመዘገብ ምን ይሆናል? ከዚያ ጎን በኋላ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ቅርጻቸው ሳይለወጥ፣ በዚያው ጎን አቅጣጫ 30 ሳንቲም ይገፋሉ። የመጨረሻው ነጥብም እንደዚያው። ስለዚህ ከመነሻው ወደ ተሰላው መድረሻ የምትሳለው አጭር መስመር ከጥፋተኛው ጎን ጋር ትይዩ ትሆናለች። ይህን ለማየት አዲስ ልኬት አያስፈልግም፤ የመዝጊያ ስህተቱን አዚሙዝ ማስላት ብቻ ነው።

ምሥራቁ −0.206፣ ሰሜኑ +0.216 ስለሆነ መስመሯ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታመራለች። 0.206 ለ0.216 ሲካፈል የሚወጣው አንግል 43.6 ዲግሪ ነው፤ ከ360 ሲቀነስ አዚሙዙ 316.4 ይሆናል። ከአምስቱ ጎኖች ለዚህ የሚቀርበው ኮ3–ኮ4 ነው፣ አዚሙዙም 314°59′59″። ቀጣዩ ቅርብ የሆነው ኮ5–ኮ1 በተገላቢጦሹ 349°42′ ስለሆነ 33 ዲግሪ ያህል ይርቃል። ተጠርጣሪው አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። መስመሯ የምታመራው ከኮ3 ወደ ኮ4 በሚኬድበት አቅጣጫ መሆኑ ደግሞ ጎኑ ረዝሞ እንደተመዘገበ ይናገራል። ወደ 135 ዲግሪ ብታመለክት ኖሮ አጥሯል ይባል ነበር።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ቅርጹ አራት ማዕዘን ቢሆን ትይዩ ጎኖች ሁለት ስለሚሆኑ፣ አንዱ መርዘሙና ተቃራኒው ማጠሩ አይለይም። ሁለት ጎን ላይ ጥፋት ካለ ደግሞ መስመሯ የሁለቱ ድምር ወደሆነ ሦስተኛ አቅጣጫ ታመለክትና ንጹሑን ጎን ታስጠረጥራለች። አቅጣጫውም በትክክል 315 አልሆነም፣ 1.4 ዲግሪ ይለያል፤ ምክንያቱም ተራው የጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት ከጥፋቱ ጋር ተደባልቋል።

የኮ3–ኮ4 መስመር በደብተሩ ሲታይ ቋሚው አንግል 86°58′10″፣ ርቀቱ 226.596 ነው። ጎኑ ወደ ኮረብታው 3 ዲግሪ ያህል ይወጣል፤ ኮ4 ከኮ3 በ12 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። 226.596 በ86°58′10″ ሳይን ሲባዛ 226.279 ይሰጣል። ልዩነቱ 0.317 ሜትር ነው፣ ከመዝጊያ ስህተቱም ጋር ይቀራረባል። ደብተሩ ላይ የተጻፈው አግድም ርቀት ሳይሆን ተዳፋቱን ተከትሎ የተለካው ርቀት ነበር ማለት ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ? መሣሪያው ውጤቱን በተለያዩ ገጾች ያሳያል፤ አንዱ ገጽ ላይ `HD` (አግድም)፣ ሌላው ላይ `SD` (ተዳፋት) ይወጣል። ኮ3 ላይ ባትሪ ተቀይሯል። መሣሪያው ዳግም ሲነሳ የከፈተው `SD` ያለበትን ገጽ ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ ያየውን ቁጥር ብቻ ገለበጠ። ኮ4 ላይ ሲደረስ ገጹ ተመልሷል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ያረፈው አንድ ጎን ላይ ብቻ ነው። ሜዳማ በሆነው በኮ1–ኮ2 ላይ ቢደርስ ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር። በግማሽ ዲግሪ ተዳፋት የ243 ሜትር ጎን `SD` ከ`HD` የሚበልጠው በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከተራው ስህተት ጋር ተቀላቅሎ ይከፋፈል ነበር።

ሒሳቡ ቢገጥምም ቁጥሩ በሒሳብ ብቻ አልተተካም። ኮ4 ላይ ተመልሶ ተቁሞ ወደ ኮ3 ሲለካ አግድም ርቀቱ 226.281 ወጣ፤ ከተሰላው በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያል። ባክ ሳይቱ ላይ ርቀት መጀመሪያውኑ ተነቦ ቢሆን ይህ የመልስ ጉዞ አያስፈልግም ነበር፤ የሁለቱ ልዩነት እዚያው ኮ4 ላይ ይታይ ነበር። ለስሌቱ ግን የሁሉም ጎን የፊት ንባብ እንዲሆን 226.279 ተይዟል።

ጥፋቱ ሳይገኝ ቢከፋፈል ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ማየት ይጠቅማል። ኮ2 7 ሳንቲ ሜትር፣ ኮ3 እና ኮ4 እያንዳንዳቸው 13 ሳንቲ ሜትር፣ ኮ5 6 ሳንቲ ሜትር ከቦታቸው ይዛነፉ ነበር። ኮ2 እና ኮ3 ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት የተለኩ ንጹሕ ነጥቦች ናቸው፤ የሚያበላሻቸው ማስተካከያው ራሱ ነው። ከታች ያለው ድምር ደግሞ ዜሮ እያለ።

ማከፋፈሉ

በተስተካከለው ርቀት ስሌቱ እንደገና ሲሠራ እንዲህ ሆነ (ሁሉም በሜትር)፦

| ጎን | አዚሙዝ | አግድም ርቀት | የምሥራቅ ልዩነት | የሰሜን ልዩነት |
|---|---|---|---|---|
| ኮ1–ኮ2 | 99°27′44″ | 243.322 | +240.011 | −40.001 |
| ኮ2–ኮ3 | 25°20′44″ | 210.228 | +89.994 | +189.992 |
| ኮ3–ኮ4 | 314°59′59″ | 226.279 | −160.004 | +160.003 |
| ኮ4–ኮ5 | 246°48′02″ | 228.459 | −209.986 | −89.998 |
| ኮ5–ኮ1 | 169°41′40″ | 223.611 | +40.003 | −220.004 |
| ድምር | | 1131.899 | +0.018 | −0.008 |

የቀረው የመዝጊያ ስህተት 2 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጥራቱም 1 ለ57,000 ገደማ። ይህ በእርግጥ የሚከፋፈል ዓይነት ነው፤ የትኛውንም ጎን ለይቶ የሚከስበት መንገድ የለም።

የተመረጠው የቦዲች ደንብ ነው፣ አንዳንዱ የኮምፓስ ደንብ ይለዋል። እርማቱ የጎኑን ርዝመት ይከተላል፣ ምልክቱም የስህተቱ ተቃራኒ ነው፦

```
cE = -(sum_dE) * D / sum_D
cN = -(sum_dN) * D / sum_D
```

ቦዲች የሚስማማው አንግሉና ርቀቱ የተመጣጠነ ጥራት ሲኖራቸው ነው። እዚህ ይመጣጠናሉ፦ 5 ሴኮንድ በ226 ሜትር ላይ ወደ ጎን 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ያዛንፋል፣ የርቀቱም ስህተት ከፕሪዝም አቋቋም ጋር ተደምሮ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በትንሹ ካሬ ዘዴ ቢሠራ ሚዛኑን ለእያንዳንዱ ንባብ ለይቶ መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ዙር ብቻ ላለው፣ ጎኖቹም እንዲህ ለተቀራረቡ ትራቨርስ ልዩነቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው።

ኮ1–ኮ2ን ብንወስድ ለምሥራቅ −0.018 × 243.322 ÷ 1131.899 = −0.0039፣ ማለትም −4 ሚሊ ሜትር ነው። ለሰሜን +0.0017፣ ማለትም +2 ሚሊ ሜትር። አምስቱም እንዲህ ተጠጋግተው ሲደመሩ ግን የምሥራቁ እርማት −19፣ የሰሜኑ +9 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የሚፈለገው −18 እና +8 ነው። በማጠጋጋት የተፈጠረችው ይህች አንዲት ሚሊ ሜትር ካልተያዘች የመጨረሻው ነጥብ ኮ1 ላይ አይገጥምም። ወደ ላይ ከተጠጋጉት ውስጥ ክፍልፋዩ ለግማሽ የቀረበውን መርጦ ወደ ታች ማድረግ ነው። ያ ጎን ኮ5–ኮ1 ነበር (−3.56 እና +1.58)፣ በሁለቱም በኩል፤ ስለዚህ −3 እና +1 ተሰጠው።

| ጎን | እርማት ምሥራቅ / ሰሜን (ሚ.ሜ.) | የመድረሻው ነጥብ ምሥራቅ | የመድረሻው ነጥብ ሰሜን |
|---|---|---|---|
| ኮ1–ኮ2 | −4 / +2 | 1240.007 | 960.001 |
| ኮ2–ኮ3 | −3 / +1 | 1329.998 | 1149.994 |
| ኮ3–ኮ4 | −4 / +2 | 1169.990 | 1309.999 |
| ኮ4–ኮ5 | −4 / +2 | 960.000 | 1220.003 |
| ኮ5–ኮ1 | −3 / +1 | 1000.000 | 1000.000 |

ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፣ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ኮኦርዲኔቱ ከተስተካከለ በኋላ በመስክ የተነበበው ርቀትና አዚሙዝ አብሮ ተለውጧል፤ ከዚህ በኋላ ችካል ለመትከል የሚያገለግለው ከአዲሱ ኮኦርዲኔት ተመልሶ የተሰላው ነው። ኮ3–ኮ4 ተመልሶ ሲሰላ 226.283 ሜትር በ314°59′58″ ይሆናል፤ ርቀቱ በ4 ሚሊ ሜትር፣ አዚሙዙ በ1 ሴኮንድ ተነክቷል። ከአምስቱ የየትኛውም ጎን ርቀት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አልተለወጠም። ይህ ማስተካከያው ጤናማ ለመሆኑ ከ1 ለ57,000ው የተሻለ ማስረጃ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ንባብ መሣሪያው ሊስት ከሚችለው በላይ አልተጎተተም።

ዙሩ የማያሳየው

አሁን ወደሚያሳስበው ነገር እንምጣ። ዝግ ትራቨርስ ወደ ራሱ ስለሚመለስ፣ ሁሉንም ጎን በአንድ መጠን የሚያሳጥር ወይም የሚያስረዝም ስህተት ጨርሶ አይታይበትም። ቅርጹ ትልቅ ወይም ትንሽ ይሆናል እንጂ አይከፈትም።

ቀላሉ ምሳሌ የፕሪዝም ቋሚ፣ ማለትም ለፕሪዝሙ ዓይነት ተብሎ በየርቀቱ ላይ የሚታረመው ቁጥር ነው። መሣሪያው ላይ ከተሞላው ጋር የማይስማማ ፕሪዝም ተይዞ እያንዳንዱ ርቀት 30 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ በዚህ ቅርጽ የመዝጊያ ስህተቱ ላይ የሚጨምረው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጎኖቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለተበተኑ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ዙሪያው ግን 15 ሳንቲ ሜትር ይስታል። 1 ለ57,000 ያለው ወረቀት በዚህ ላይ ምንም አይልም።

ሁለተኛው የአየሩ እርማት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በ200 ሄክቶፓስካል ያህል ያንሳል። መሣሪያው ከፋብሪካ እንደመጣ 1013 ሄክቶፓስካል ላይ ከተተወ፣ በየ3.5 ሄክቶፓስካሉ አንድ ፒፒኤም፣ ማለትም በኪሎ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚስት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ወደ 6 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ይነበባል። ደሴ ላይ፣ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ይህ ይብሳል። የሚያስፈልገው ጠዋት ላይ የዚያኑ ቀን ግፊትና ሙቀት መሙላት ብቻ ነው። የሚሞላው ቦታው ላይ ያለው ትክክለኛ ግፊት ነው። ራዲዮ ላይ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ስለሆነ አይጠቅምም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፣ ስህተትም አይደለም። የተለካው መሬት ላይ ነው፤ ይዞታው የሚመዘገበው ግን በካርታው ኮኦርዲኔት፣ በዩቲኤም ነው። ኮምቦልቻ በ37ኛው ዞን ከመካከለኛው መስመር፣ ከ39 ዲግሪ ምሥራቅ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ እዚያ የካርታው ስኬል 0.99968 ገደማ ነው። የከፍታው ደግሞ 0.99971። ሁለቱ ሲባዙ 0.99939 ይሆናል፣ ማለትም መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር የሆነው ካርታው ላይ በ61 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ደሴ ላይ 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ትራቨርስ ዙሪያ ብቻ ልዩነቱ 69 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የመዝጊያ ስህተቱ ግን በዚህ የተነሳ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይለወጥም።

ስለዚህ ኮ1 እና ኮ3 ላይ በጂፒኤስ በስታቲክ ተቆሞ ርቀታቸው ከዩቲኤም ኮኦርዲኔት ይሰላል። ከተስተካከለው ትራቨርስ የሚወጣው የመሬት ርቀት 362.487 ሜትር ነው። በ0.99939 ሲባዛ 362.266 ገደማ መሆን አለበት። ጂፒኤሱ ከዚህ በ5 ሳንቲ ሜትር ከራቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፕሪዝም ቋሚው ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ስህተት በዚህ ሰያፍ ላይ የሚያመጣው ያን ያህል ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የአየሩ ቅንብር ይታያል፣ ምንም እንኳ ያ ልዩነት በጂፒኤሱ በራሱ ስህተት ውስጥም ሊሸፈን ቢችልም።

ከገጠመ ደግሞ ርቀቶቹ በ0.99939 ተባዝተው፣ በኮ1 እውነተኛ የዩቲኤም ኮኦርዲኔትና በዩቲኤም ሰሜን በተሰላ አዚሙዝ፣ ያው ማከፋፈል እንደገና ይሠራል። የሚለወጠውን ለማየት ስፋቱን ማነጻጸር ይበቃል። መሬት ላይ 87,899 ካሬ ሜትር የሆነው ቦታ በዩቲኤም በ107 ካሬ ሜትር ያህል አንሶ ይወጣል። ካርታው ላይ የሚጻፈው የትኛው እንደሆነ ከስሌቱ ጎን ካልተገለጸ፣ ቀጥሎ በሜትር የሚለካ ሰው መሬቱ ተቆርሷል ወይም ተጨምሯል ብሎ አቤቱታ ይዞ ይመጣል።